19 ሜጋባይቱ ፋይል የ20 ሜጋባይቱን በር ለምን አላለፈም?

ማስታወቂያው ግልጽ ነው። «የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን በአንድ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በኢሜይል ላኩ። ከ20 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም» ይላል። ፎቶኮፒ ቤት ሄዳችሁ 12 ገጽ ስካን አስደረጋችሁ እንበል። ፋይሉ 19 ሜጋባይት ሆነ። አታች አድርጋችሁ ላካችሁት፤ ጂሜይልም ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለ። ትንሽ ቆይቶ ግን Mail Delivery Subsystem ከሚባል ላኪ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም መልእክት ከች አለ። ማመልከቻው አልደረሰም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ኔትወርኩን ይረግምና ያንኑ ፋይል ደግሞ ይልካል። ደግሞም ይመለሳል። መቶ ጊዜ ቢላክ መቶ ጊዜ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ኔትወርኩ በዚህ ነገር የለበትም። ችግሩ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው።

## 19 እንዴት ከ20 ይበልጣል?

አውሮፕላን ጣቢያ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል ሲባል፣ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ልብሱና በርበሬው ብቻ አይደለም። ሻንጣው ራሱም ይመዘናል። ቤት ውስጥ 22 ኪሎ ዕቃ መዝኖ 4 ኪሎ በሚመዝን ሻንጣ የከተተ ሰው፣ ጣቢያው ላይ 26 ኪሎ ይዞ ይገኛል። በኢሜይልም የሚሆነው ይኸው ነው። ኮምፒውተራችሁ 19 ሜጋባይት ብሎ ያሳያችሁ የዕቃውን ክብደት ነው። ተቀባዩ ጋ ያለው ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይል የሚቀበለውና የሚያስቀምጠው ኮምፒውተር፣ የሚመዝነው ግን ከነሻንጣው ነው።

ሻንጣው ከየት መጣ? ኢሜይል ሲፈጠር ለጽሑፍ ብቻ ነበር የታሰበው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 የወጡት ደንቦች በመልእክቱ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ጥቂት ምልክቶች ብቻ እንደሚያልፉ ይገምታሉ። ፎቶ፣ ድምፅ፣ ፒዲኤፍ የሚባል ነገር በሐሳብም አልነበረም። አባሪ መላክን በደንብ ያስቻለው ደንብ የወጣው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው። እሱም ቢሆን አሮጌውን መንገድ አላፈረሰም። ያደረገው፣ ማንኛውንም ፋይል እንደ ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስመስሎ ማሳለፍ ነው። ይህ አጠቃለል ቤዝ64 ይባላል። ስሙን ያገኘው 64 ምልክቶችን ብቻ ስለሚጠቀም ነው፤ ትልልቆቹና ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት፣ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች፣ በተጨማሪም + እና /።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከፋይሉ ላይ ሦስት ባይት ይነሣና በአራት ምልክት ይጻፋል። ባይት የፋይል መለኪያ ትንሿ አሐድ ናት፤ አንድ ሜጋባይት ወደ አንድ ሚሊዮን ባይት ገደማ ይሆናል። ሦስት የነበረው አራት ሲሆን ክብደቱ በሲሶ ጨመረ ማለት ነው። በዚያ ላይ በየ76 ምልክቱ መስመር መስበር ስላለበት ጭማሪው ወደ 37 በመቶ ይደርሳል።

የኛ ፊደል ይህን ለማየት በጣም ይመቻል። በዛሬው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» ብለን ብንጽፍና በቤዝ64 ቢጠቀለል፣ እያንዳንዱ ፊደል አራት አራት ምልክት ይሆናል፦

```
ሰላም
4Yiw4YiL4Yid
```

የመጀመሪያዎቹ አራቱ «ሰ» ናቸው፣ የመካከሎቹ «ላ»፣ የመጨረሻዎቹ «ም»። ዘጠኝ ባይት የነበረው ዐሥራ ሁለት ሆነ። (አልፎ አልፎ የአማርኛ ኢሜይል ተበላሽቶ በዚህ ዓይነት ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ሲደርሳችሁ፣ ያያችሁት ሳይፈታ የቀረ ጥቅል ሊሆን ይችላል።)

አሁን ወደ 12 ገጹ ፒዲኤፍ እንመለስ። 19 ሜጋባይት ላይ 37 በመቶ ሲጨመር 26 ሜጋባይት ይሆናል። በሩ 20 ነው። አላለፈም።

ቁጥሩን ገልብጠን ብናየው ይበልጥ ይጠቅማል። አንድ ሰርቨር ወሰኑ 20 ሜጋባይት ከሆነ፣ በውስጡ የሚያልፈው እውነተኛ ፋይል 14 ሜጋባይት ተኩል ገደማ ነው። 10 ከሆነ 7 ግድም። ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ይህን ላያውቀው ይችላል፤ የሰርቨሩን ቁጥር ከአይቲ ክፍሉ ሰምቶ እንዳለ ጽፎት ይሆናል። ስለዚህ የተባለውን ቁጥር ሰምታችሁ እስከ ጫፉ አትሂዱ። ከ70 በመቶው በታች ቁሙ።

## ጂሜይል ተቀብሎት የለ? ታዲያ ማን መለሰው?

ኢሜይል ከላኪ ወደ ተቀባይ በአንድ ዝላይ አይደርስም። መጀመሪያ የእናንተ አገልግሎት ሰጪ ሰርቨር ይረከበዋል። ከዚያ ወደ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ይሄዳል፤ በመሐል ቫይረስ የሚፈትሽ ሌላ ሰርቨርም ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ወሰን አለው። የሚወስነው ደግሞ ከሁሉም የጠበበው በር ነው። አዲስ አበባ ላይ 23 ኪሎ ተፈቅዶለት የተሳፈረ ሰው፣ ትራንዚት አድርጎ ሌላ አየር መንገድ ላይ ሲደርስ የሚጠብቀው የዚያኛው ደንብ ነው።

ወሰኖቹ በጣም ይለያያሉ። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት አባሪ ይልካል። እሱ በነገራችን ላይ ሻንጣውን ከግምት አስገብቷል፤ ሰርቨሩ ለመላኪያ ፕሮግራሞች የሚያሳውቀው ወሰን ወደ 35.9 ሚሊዮን ባይት ነው፤ ይህም 25 ሜጋባይት ሲጠቀለል የሚሆነው ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ፖስትፊክስ የሚባለው ነፃ የሰርቨር ፕሮግራም ግን ማንም ካልነካው 10 ሜጋባይት ላይ ይቆማል፤ ያውም ከነጥቅሉ። ባለሙያው ሰርቨሩን ሲተክል ያን ቁጥር ካልቀየረው፣ ቢሮው ሳያውቀው በጠባብ በር ይኖራል።

ሁለቱ ሰርቨሮች ሲገናኙ የሚነጋገሩት ነገር አጭርና ግልጽ ነው። ለምሳሌያችን ይህን ይመስላል፦

```
250-SIZE 20971520
MAIL FROM:<sender@example.com> SIZE=27265000
552 5.3.4 Message size exceeds fixed limit
```

ተቀባዩ መጀመሪያ «ከ20,971,520 ባይት በላይ አልቀበልም» ይላል፤ ይህ 20 ሜጋባይት ነው። ላኪው «የያዝኩት 27,265,000 ነው» ይላል። ተቀባዩ «ከወሰኔ በላይ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ልብ በሉ፣ ፋይሉ ራሱ መንገድ እንኳ አልጀመረም። ጂሜይል በእጁ የቀረውን መልእክት ምን እንደሚያደርገው ስለማያውቅ «አልደረሰም» የሚል ማስታወቂያ ይጽፍላችኋል። ማስታወቂያው ከጂሜይል ስለመጣ ብዙ ሰው ያገደው ጂሜይል ይመስለዋል። ያገደው ግን ወዲያኛው ማዶ ያለው ነው።

## ወሰኑ ለምን ይኖራል? ዘመኑ የ5ጂ አይደል?

አንድ ትልቅ ኢሜይል ለ40 ሠራተኞች ሲላክ ብዙ ጊዜ 40 ቅጂ ሆኖ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ቅጂ የሰው ሣጥን ይሞላል፣ በቫይረስ ፍተሻ ያልፋል፣ በየሌሊቱ ከሌላው ጋር አብሮ ባክአፕ ይደረጋል። ሌላም አለ። ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄድ ኢሜይል መሐል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ግማሽ ጊጋባይት ፋይል በ95 በመቶ ላይ ሲቋረጥና እንደገና ሲጀምር አስቡት። ኢሜይል ለዚህ ሥራ አልተሠራም።

## የተመለሰው በመጠኑ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የተመለሰው መልእክት ረጅም ቢሆንም የሚጠቅማችሁ አንድ መስመር ነው። በነጥብ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮችን ፈልጉ። 5.3.4 ካለ መልእክቱ ለዚያ ሰርቨር ከብዷል። 5.2.3 ካለም ጉዳዩ መጠን ነው። መፍትሔው ማሳነስ ወይም በሊንክ መላክ ነው።

5.2.2 ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተቀባዩ ሣጥን ሞልቷል ማለት ነው። ፋይሉን ግማሽ ብታደርጉትም ላያልፍ ይችላል። ስልክ ደውሎ «ኢሜይላችሁ ሞልቷል» ማለት ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰዎቹ ራሳቸው አያውቁትም። 5.7 ብሎ የሚጀምር ካያችሁ ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ጂሜይል ለምሳሌ .exe የሚል ፋይል፣ ዚፕ ውስጥ ቢደበቅም እንኳ፣ አያሳልፍም። እዚህ ላይ መጠኑን መቀነስ ከንቱ ድካም ነው።

## ዚፕ ባደርገውስ?

ሁሉም መጀመሪያ የሚሞክረው ይህን ነው፤ ለስካን ሰነድ ግን አይሠራም ማለት ይቻላል። ዚፕ የሚያሳንሰው ውስጡ ድግግሞሽ ያለበትን ነገር ነው፤ ለምሳሌ ረጅም የጽሑፍ ፋይል። የስካን ፒዲኤፍ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች፣ እንዲሁም የስልክ ፎቶና ቪዲዮ፣ ሲፈጠሩ ጀምሮ ተጨምቀው ነው የተቀመጡት። የተጨመቀ ሎሚ እንደገና አይጨመቅም። 19 ሜጋባይቱ ፒዲኤፍ ዚፕ ሲደረግ 18 ተኩል ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ፣ ተቀባዩን ፋይል የመፍታት ሥራ ትሰጡታላችሁ።

ለ12 ገጹ ሰነድ ትክክለኛው መድኃኒት ያለው ከምንጩ፣ ስካነሩ ላይ ነው። ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ለፎቶ ጥራት እንደተስተካከለ ይቀራል። የጥራቱ መለኪያ ዲፒአይ ይባላል፤ በአንድ ኢንች ወረቀት ላይ ስንት ነጥብ እንደሚነበብ ይናገራል። በ600 ዲፒአይ አንድ ኤ4 ገጽ ወደ 35 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። በ200 ደግሞ ወደ 4 ሚሊዮን። ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት ነው! የተጻፈ ወረቀት በስክሪን ለማንበብም ሆነ መልሶ ለማተም 200 ይበቃል። ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ 300 በሉ። 600 ለቤተሰብ ፎቶ ወይም ለብራና ጽሑፍ ይሁን።

ቀለምም ክብደት አለው። በቀለም የተነሣ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር ይይዛል፣ በጥቁርና ነጭ ጥላ የተነሣው አንድ። ነገር ግን እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አንዳንድ ቢሮ ማኅተሙ በሰማያዊ ወይም በሐምራዊ ቀለሙ ካልታየ ሰነዱ ፎቶኮፒ ነው ብሎ ይጥለዋል። እንዲህ ከሆነ ማኅተም ያለባቸውን ገጾች በቀለም፣ የቀሩትን ያለ ቀለም ማስነሣት ይቻላል። ስለዚህ ለስካን ሠራተኛው «200 ዲፒአይ አድርግልኝ፤ ማኅተም ያለውን በቀለም» ማለት ብቻ ያንን 19 ሜጋባይት ወደ ጥቂት ሜጋባይት ያወርደዋል። ኢሜይሉም ያለ ችግር ያልፋል።

ድጋሚ ስካን ማድረግ ካልተቻለና ቢሮው ሊንክ አልቀበልም ካለ፣ መከፋፈል ይቀራል። ለዚህ የተለየ ፕሮግራም አያስፈልግም። ፒዲኤፉን በክሮም ክፈቱ፣ Print በሉ፣ በ Destination ላይ Save as PDF ምረጡ፣ Pages ላይ ደግሞ 1-6 ብላችሁ አስቀምጡ። ከዚያ 7-12። ርዕሱ ላይ «ክፍል 1 ከ2» ብላችሁ በሁለት ኢሜይል ላኩ። ከማስቀመጣችሁ በኋላ የየክፍሉን መጠን ተመልከቱ፤ ብዙ ፎቶ ያለበት ግማሽ ከሌላው ሊከብድ ይችላል።

## ፋይሉ የምር ትልቅ ከሆነስ?

የሠርግ ቪዲዮ፣ የሕንፃ ፕላን፣ የስብሰባ ቅጂ በስካነር ማስተካከያ አይድንም። እዚህ ላይ አሠራሩን መቀየር ነው። ፋይሉ አንድ ቦታ ይቀመጥና፣ በኢሜይል የሚሄደው አድራሻው፣ ማለትም ሊንኩ ብቻ ይሆናል። ሊንክ የአንድ መስመር ጽሑፍ ስለሆነ የትኛውም በር ያሳልፈዋል። ጂሜይልም ከ25 ሜጋባይት ያለፈ ነገር ስታያይዙ በራሱ ወደ ጉግል ድራይቭ ጭኖ ሊንክ ያደርገዋል።

ሊንክ ሲላክ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ፈቃድ። ጉግል ድራይቭ ላይ የተጫነ ፋይል ሲጀመር ከባለቤቱ በቀር ለማንም አይከፈትም። ሊንኩን ቀድታችሁ ብትልኩ ተቀባዩ የሚያየው Request access የሚል ገጽ ነው። እናንተ ልኬያለሁ ብላችሁ ተኝታችኋል፤ እሱ ደግሞ ፋይል ሳይሆን የተዘጋ በር ነው የደረሰው። የማመልከቻ ቀነ ገደብ ያለበት ነገር ከሆነ ይህ ያስከፍላል።

ስለዚህ ፋይሉ ላይ Share የሚለውን ክፈቱ። General access ከሚለው ሥር Restricted የሚለውን ወደ Anyone with the link ቀይሩት። አጠገቡ ያለው Viewer መሆኑን አረጋግጡ፤ Editor ከሆነ ሌላ ሰው ሊቀይረው ወይም ሊያበላሸው ይችላል። ከዚያ Copy link። አሁን የሚቀረው ሙከራ ነው። ብራውዘራችሁ ላይ የኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱና ሊንኩን እዚያ ለጥፉ። ያ መስኮት እናንተን አያውቃችሁም፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ ነው የሚያያችሁ። እዚያ ከተከፈተ ተቀባዩም ጋ ይከፈታል።

ይህ ፈቃድ ሌላ ፊትም አለው። ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ይከፍተዋል፤ ሊንኩ ደግሞ ፎርዋርድ ይደረጋል። ፓስፖርት፣ መታወቂያ ወይም የባንክ ወረቀት ከሆነ ለሁሉም አትክፈቱት። በ Share ውስጥ የተቀባዩን የኢሜይል አድራሻ ብቻ ጨምሩ። ለሁሉም ከፍታችሁት የነበረውንም ጉዳዩ ሲያልቅ መልሳችሁ Restricted አድርጉት። ቀድሞ ዳውንሎድ የተደረገውን ቅጂ ግን ማስመለስ አይቻልም።

ቦታውም ያልቃል። የጉግል ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ድራይቭ፣ ጂሜይልና የስልክ ፎቶዎች ይጋሩታል። ሲሞላ አዲስ ፋይል አይጫንም፤ ብሶ ደግሞ ወደ እናንተ የሚላኩ ኢሜይሎች መመለስ ይጀምራሉ። ያኔ 5.2.2 የሚለውን ቁጥር የሚያየው ሌላው ሰው ነው።

## በቴሌግራም ብልከውስ?

ለወዳጅ ለዘመድ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ያለ ክፍያ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ አንድ ፋይል ይልካል። ደካማ ኔትወርክ ላይ የሚመረጥበትም ምክንያት አለው። ፋይሉን ቢበዛ 512 ኪሎባይት በሆኑ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ስለሚጭን፣ መስመሩ ሲቋረጥ የሚደገመው የመጨረሻው ቁራጭ እንጂ ሙሉው አይደለም።

አንድ ወጥመድ አለው። ፎቶ ወይም ቪዲዮ ከጋለሪ መርጣችሁ ስትልኩ ቴሌግራም ለፍጥነት ብሎ ያሳንሰዋል። ለማየት ያምራል፤ ለማተሚያ ቤት ወይም ለቪዲዮ ኤዲተር ግን ተበላሸ ማለት ነው። ጥራቱ እንዳይነካ ከፈለጋችሁ የወረቀት መያዣዋን ምልክት ነክታችሁ File የሚለውን ምረጡና ከዚያ ላኩት። የደረሰው ፋይል መጠን ከዋናው ጋር አንድ ከሆነ አልተነካም። ከ40 ሜጋባይት ወደ 3 ከወረደ ተጨምቋል፤ እንደገና ይላክ።

ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ግን የተባለው ኢሜይል ከሆነ ኢሜይል ነው። ቴሌግራም ላይ ለአንድ ሠራተኛ የተላከ ሰነድ በመዝገብ ቤት አይገባም፤ ቅሬታ ቢነሣም «ደርሷል» ብሎ የሚመሰክር የለም።

## ከዚያም ቢተልቅ?

ብዙ ጊጋባይት ያለው ነገር፣ በተለይ ተቀባዩ እዚያው ከተማ ካለ፣ በፍላሽ ቢሄድ ጊዜም የኢንተርኔት ፓኬጅም ይቆጥባል። እዚህም ግን ወሰን አለ። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው 5 ጊጋባይቱን ቪዲዮ «ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው» ብሎ ከመለሰው፣ ፍላሹ የተሰናዳው FAT32 በሚባለው አሮጌ አሠራር ነው። እሱ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጡና፣ ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ በቀኝ ክሊክ Format ብላችሁ exFAT የሚለውን ምረጡ። ፎርማት ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ የመገልበጡ ነገር አይረሳ። ከዚያ በኋላ ቪዲዮው ይገባል።